ስኪዞፍሬንያ ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ እንቅልፉን ልብ በሉ

ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከማገርሸቱ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በፊት ምልክት ይሰጣል። ምልክቱ ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንድ ሰው ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ይደግማል። ወንድሜ መጀመሪያ ሌሊቱን ሲንጎራደድ ያድራል። ቀጥሎ መጋረጃውን ይዘጋል፣ ከእኛ ጋር መብላት ይተዋል። ድምፅ መስማት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሁለት ሌሊት በተከታታይ ካልተኛ ቀጠሮውን አንጠብቅም፤ ሐኪሙ ጋ እንደውላለን። መድኃኒቱን እየወሰደ እንደሆነም በእርጋታ እንጠይቀዋለን። "ተሽሎኛል" ብሎ ማቆም በጣም የተለመደ ነው። ጠበል ስንሄድም ክኒኑን ይዘን ነው። ራሱን ስለማጥፋት ካወራ ግን ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ምልክቶቹን ደህና በሆነበት ሰሞን አብራችሁት ተቀምጣችሁ ጻፉ። "ሬዲዮው ስለ እኔ የሚያወራ ሲመስለኝ" የሚለውን ያስጻፈን ራሱ ወንድሜ ነው። እኛ አናውቀውም ነበር።