ፓምፑ ለምን ቆመ? የላደር፣ የፈንክሽን ብሎክና የስትራክቸርድ ቴክስት ችግርና መፍትሄ

ከሱሉልታ እስከ ገላን ባሉ የፋብሪካ ግቢዎች ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥም አንድ አሠራር እንውሰድ። የጉድጓድ ፓምፕ ውሃ ስቦ 5 ሜትር ከፍታ ያለውን ታንከር ይሞላል። ከታንከሩ ደግሞ በኢንቨርተር የሚዞር ሁለተኛ ፓምፕ ውሃውን በእኩል ግፊት ወደ መሙያ ማሽኑ ይገፋል። በጉድጓዱ ፓምፕ መውጫ ላይ ፍሎው ስዊች፣ በታንከሩ ላይ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፕ የሚሰጥ የከፍታ ሴንሰር አለ። ሁሉንም የሚያዘው አንድ ፒኤልሲ ሲሆን፣ ፕሮግራሙ ከላይ እስከ ታች በስትራክቸርድ ቴክስት ተጽፏል።

አይኢሲ 61131-3 የተባለው የፒኤልሲ ፕሮግራም ቋንቋዎች ደረጃ ላደርን፣ ፈንክሽን ብሎክ ዲያግራምንና ስትራክቸርድ ቴክስትን በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ቀላቅሎ መጠቀም ይፈቅዳል። ስለዚህ ጥያቄው «የትኛው ይሻላል?» ሳይሆን «ይህ የፕሮግራሙ ክፍል በየትኛው ይጻፍ?» ነው። መልሱን ከታች ያሉት ብልሽቶች ራሳቸው ያሳያሉ።

ምልክት፦ ፓምፑ ለሰዓታት በደህና ሠርቶ፣ ውሃ እያለ «ደረቅ ነው» ብሎ በድንገት ይቆማል

ጥበቃው እንዲሠራ የታሰበው እንዲህ ነው፦ ፓምፑ እየዞረ ለ10 ተከታታይ ሰከንድ ውሃ ካልፈሰሰ ይቁም። የተጻፈው ግን ይህ ነው፦

```
IF PumpRun AND NOT FlowOK THEN
    DryTimer(IN := TRUE, PT := T#10S);
    IF DryTimer.Q THEN
        DryFault := TRUE;
    END_IF;
END_IF;
```

ሲነበብ ትክክል ይመስላል፤ ስህተቱ ያለው ታይመሩ በ`IF` ውስጥ መቀመጡ ላይ ነው። ፓምፑ ሲነሳ ውሃው እስኪደርስ 4 ሰከንድ ይፈጃል እንበል፤ በዚያ ጊዜ ታይመሩ መቁጠር ጀምሯል። ውሃው ሲመጣ የ`IF` ሁኔታ ሐሰት ይሆንና ፒኤልሲው መስመሩን ዘሎ ያልፋል። ዘለለው ማለት ታይመሩ ጨርሶ አልተጠራም፣ `IN` ሐሰት መሆኑን አላየም፣ ወደ ዜሮም አልተመለሰም ማለት ነው። ከሦስት ሰዓት በኋላ በቧንቧው ውስጥ አየር አልፎ ፍሎው ስዊቹ ለአንድ አፍታ ቢከፈት ታይመሩ እንደገና ይጠራል። በብዙ ፒኤልሲዎች ታይመሩ የሚያሰላው መጀመሪያ ከተነሳበት ሰዓት ነውና 10 ሰከንዱ ካለፈ ቆይቷል። ጊዜው መሙላቱን የሚናገረው `Q` ወዲያው እውነት ይሆናል፣ ፓምፑም ይቆማል።

ለማረጋገጥ ላፕቶፕ አገናኝታችሁ ውሃው በደንብ በሚፈስበት ሰዓት ታይመሩ የቆጠረውን ጊዜ፣ `DryTimer.ET`ን፣ ተመልከቱ። `T#0S` መሆን አለበት። ሌላ ቁጥር ላይ ቆሞ ካገኛችሁት ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ፍሎው ስዊቹን መቀየር ምንም አይፈይድም። መፍትሄው ታይመሩን ከ`IF` አውጥቶ ሁኔታውን ራሱን `IN` ላይ ማስገባት ነው፦

```
DryTimer(IN := PumpRun AND NOT FlowOK, PT := T#10S);
IF DryTimer.Q THEN
    DryFault := TRUE;
END_IF;
```

አሁን ታይመሩ በየስካኑ፣ ማለትም ፒኤልሲው ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች በሚሠራበት በእያንዳንዱ ዙር፣ ይጠራል፤ ውሃ በመጣ ቁጥርም ዜሮ ይሆናል። `DryFault` እውነት ሆኖ እንደሚቀር አትርሱ፤ የሚያጠፋው የሪሴት ቁልፍ በሌላ መስመር መኖር አለበት።

በላደር ቢጻፍ ይህ ስህተት በቀላሉ አይፈጠርም። በላደር ታይመሩ በመስመሩ ጫፍ ተቀምጦ፣ ከፊቱ ያሉት ኮንታክቶች ቢከፈቱም በየስካኑ ይታያል። የሚዘለለው `JMP` ካለበት ወይም የያዘው ብሎክ ካልተጠራ ብቻ ነው። ፈንክሽን ብሎክም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ጥቂት ታይመርና የበራ-የጠፋ ምልክት ብቻ ያለበትን ጥበቃ በላደር እንድትጽፉ እንመክራለን።

ምልክት፦ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ፓምፑ አልነሳ ይላል፣ ኤሌክትሪሻኑ ምክንያቱን ከፕሮግራሙ ማንበብ አልቻለም

ከአራቱም ይህ ነው በሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላው። የፈረቃው ኤሌክትሪሻን የኮንታክተር ሥዕል ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። ፕሮግራሙ ግን `IF` በ`IF` ውስጥ የተደራረበበት ሁለት መቶ መስመር ጽሑፍ ነው። የትኛው ሁኔታ እንደጎደለ ለማወቅ እያንዳንዱን ስም ለየብቻ እየፈለገ ማየት ይኖርበታል። መፍትሄው የፓምፑን ማስነሻ ብቻ ነጥሎ ወደ አንድ የላደር መስመር ማምጣት ነው፦

```
 Stop_OK  OL_OK  DryFault TankHigh    Start      Pump
---| |-----| |-----|/|------|/|----+---| |---+----( )
                                   |   Pump  |
                                   +---| |---+
```

ፕሮግራሙ ኦንላይን ሲታይ አረንጓዴው መስመር ከግራ ተነስቶ እስከ ጎደለው ኮንታክት ይደርስና እዚያ ይቆማል። `OL_OK` ላይ ከቆመ ኤሌክትሪሻኑ ላፕቶፑን ትቶ ፓኔሉን ይከፍታል፤ ቴስተሩን 24 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጎ የኦቨርሎዱን 95 እና 96 ይለካል። 95 ላይ 24 ቮልት ኖሮ 96 ላይ ከሌለ ኦቨርሎዱ ጥሏል። ሪሴት ከማድረጉ በፊት ቮልቴጅ በሦስቱም ፌዝ መኖሩን ማየት፣ ፓምፑ ሲነሳም የሞተሩን አምፔር በሦስቱም ፌዝ መለካት አለበት፤ አንድ ፌዝ የጠፋበት ፓምፕ በሪሴት ብዛት ይቃጠላል። 95 ላይም ቮልቴጅ ከሌለ ፍለጋው ወደ ኋላ፣ ወደ ፊውዙና ወደ ተርሚናሉ ይሄዳል።

እዚህ መስመር ላይ ሁለት ነገሮች ደጋግመው ያሳስታሉ። የመጀመሪያው `Stop_OK` ነው። የማቆሚያ ቁልፉ ሲታሰር በተዘጋ ኮንታክት ነው፤ ሽቦው ከተበጠሰ ፓምፑ እንዲቆም። ስለዚህ ቁልፉ ሳይነካ የፒኤልሲው ኢንፑት በርቶ ይቆያል፣ በፕሮግራሙም የሚሣለው ክፍት ኮንታክት `| |` ነው። «ማቆሚያ ነውና» ብሎ `|/|` ያደረገ ሰው፣ ስቶፕ ተጭኖ ካልተያዘ በስተቀር የማይነሳ ፓምፕ ያገኛል።

ሁለተኛው መብራት ነው። ከስታርት ቁልፉ ሥር የገባው `Pump` ሆልዲንግ ኮንታክት ነው። መብራት ሲሄድ ይለቃል፤ ሲመለስ ሰው ስታርት እስኪጫን ፓምፑ አይነሳም። ይህ በ`S` እና `R` ኮይል ከተተካና ቢቱ መብራት ቢጠፋም እንዲታወስ `Retain` ተብሎ ከተመዘገበ ግን ፓምፑ መብራት እንደመጣ በራሱ ይነሳል። መብራት በቀን ሁለት ሦስቴ በሚመላለስበት አካባቢ፣ ሰው ኮንታክተሩን ፈትቶ እየሠራ ሳለ ይህ ቢሆን አደጋ ነው። በራሱ እንዲነሳ የግድ ከተፈለገ ከመብራቱ መመለስ በኋላ የሚቆጥር ታይመርና የማስጠንቀቂያ ደወል ይጨመርበት። ጥገና ላይ ያለ ሰው ግን በምንም ፕሮግራም አይታመን፤ ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶ ይቆልፍ።

ምልክት፦ ታንከሩ ግማሽ ሞልቶ ስክሪኑ 0፣ 1 ወይም -1 ሴንቲሜትር ያሳያል

በቅድሚያ ቴስተሩን ከሴንሰሩ ሽቦ ጋር በተከታታይ አስገብታችሁ ሚሊአምፑን ለኩ። ታንከሩ 2.5 ሜትር ከያዘ 12 ሚሊአምፕ ሊሆን ይገባል። ከ4 በታች ከሆነ ችግሩ የሽቦ ወይም የሴንሰር ነው። 12 ከሆነ የፒኤልሲውን ጥሬ ቁጥር እዩ፤ በሲመንስ ኤስ7-1200 ከ4 እስከ 20 የተመረጠ ሞጁል ከ0 እስከ 27648 ስለሚሰጥ 13824 አካባቢ መሆን አለበት። እስከዚህ ልክ ከሆነ ስህተቱ ሒሳቡ ላይ ነው፦

```
LevelCm := Raw * 500 / 27648;
```

ሁሉም `INT` ከሆኑ ማባዛቱ ከ32767 ማለፍ አይችልም። `Raw` 66 ሲደርስ ውጤቱ 33000 ይሆንና ተገልብጦ ወደ ኔጌቲቭ ይገባል። ከዚያ ለ27648 ሲካፈል የሚቀረው ሁልጊዜ በ-1 እና በ1 መካከል ነው። ማስተካከያው `LevelCm`ን `REAL` አድርጎ ይህን መጻፍ ነው፦

```
LevelCm := INT_TO_REAL(Raw) * 500.0 / 27648.0;
```

ለ13824 በትክክል 250 ይሰጣል። ስትራክቸርድ ቴክስት ቦታው እዚህ ነው። ይህንኑ በላደር ለመሥራት የመቀየሪያ፣ የማባዣና የማካፈያ ሳጥን ደርድሮ ለእያንዳንዱ መካከለኛ ውጤት ስም ማውጣት ያስፈልጋል፤ ቀመሩም ከዓይን ይጠፋል። የ20 ታንከር መረጃ በ`FOR` መሰብሰብ፣ የምርት ቁጥር መመዝገብ፣ ጽሑፍ ማቀናበርም የዚሁ ድርሻ ነው።

አንድ ክልክል ግን አለ፦ `WHILE NOT FlowOK DO` ብሎ ውሃ መጠበቅ። ኢንፑቶች በመደበኛው አሠራር የሚነበቡት በስካኑ መነሻ ነውና ፒኤልሲው ዙሩ ውስጥ እያለ `FlowOK` አይለወጥም። ስካኑ ከተፈቀደለት ጊዜ ያልፋል፣ ፒኤልሲውም ስህተት ያወጣል ወይም ይቆማል። በኤስ7-1200 ሳይነካ የተተወው ገደብ 150 ሚሊሰከንድ ነው። በ`WHILE` ፋንታ `IF` ተጠቀሙ፤ ስካኑ ራሱ ተመልሶ ይመጣል።

ምልክት፦ ወደ መሙያ ማሽኑ የሚሄደው ግፊት ይዋዥቃል፣ የፒአይዲውን ቁጥር የነካ ሰው ግን የለም

ፕሮግራሙ እየተጨመረበት ከመጣ በኋላ የጀመረ ከሆነ፣ ግፊቱን እያየ የኢንቨርተሩን ፍጥነት የሚያስተካክለው የፒአይዲ ብሎክ የት እንደሚጠራ ፈልጉ። በዋናው ስካን ውስጥ ከሆነ የሚጠራበት ጊዜ አንዴ 5፣ አንዴ 20 ሚሊሰከንድ እያለ ይለዋወጣል፤ ኢንተግራሉና ዴሪቬቲቩ ደግሞ የሚሰሉት በጊዜ ልዩነት ነው። በቋሚ ጊዜ በሚነሳ ብሎክ ውስጥ፣ ለምሳሌ በሲመንስ `OB30` በየ100 ሚሊሰከንዱ እንዲጠራ አድርጉት፤ ያኔ ካልረጋ ብቻ ወደ ቁጥሮቹ ሂዱ።

ይህን ክፍል በፈንክሽን ብሎክ ሣሉት። ከግፊት ሴንሰሩ ወደ ማጣሪያ፣ ከዚያ ወደ ፒአይዲ፣ ከዚያ ወደ ገደብ ማበጃ፣ መጨረሻ ወደ ኢንቨርተሩ የሚሄደው ቁጥር በየመስመሩ ላይ ስለሚታይ፣ የት እንደተበላሸ በጣት እየተከተሉ ማየት ይቻላል። በላደር ግን የቁጥር ጉዞ አይታይም። ፈንክሽን ብሎክ የሚከብደው ብዙ «ከሆነ፣ ካልሆነ» ሲጨመርበት ነው፤ መስመሮቹ ይጠላለፋሉ። ወደ ኋላ የሚመለስ መስመር ካለም ብሎኩ የሚያነበው ያለፈውን ስካን ቁጥር መሆኑን አስቡ።

ሙሉውን ፕሮግራም እንደገና መጻፍ አያስፈልግም። በሲመንስ ሶፍትዌር በቲአይኤ ፖርታል ላደር የሆነን ብሎክ ወደ ፈንክሽን ብሎክ፣ ወይም ተቃራኒውን፣ በምናሌው መቀየር ይቻላል፤ ስትራክቸርድ ቴክስት፣ እዚያ `SCL` የሚባለው፣ ግን እንዲህ ስለማይቀየር በእጅ መተርጎም አለበት። አሮጌውን ፕሮጀክት ቅጂ አስቀምጡ፤ የማስነሻውን መስመር በአዲስ የላደር ብሎክ ጻፉ፤ ከዚያ በጽሑፉ ውስጥ `Pump :=` የሚለውን በሙሉ ፈልጋችሁ አጥፉ። አንድ ቦታ ከቀረ ሁለቱ ብሎኮች ለአንድ አውትፑት ይጽፋሉ፣ በስካኑ መጨረሻ የጻፈውም ያሸንፋል፤ ላደሩ አረንጓዴ እየታየ ኮንታክተሩ አይገባም። በክሮስ ሪፈረንስ ዝርዝር `Pump` የሚጻፍበት ቦታ አንድ ብቻ መሆኑን ሳታዩ ፓምፑን አታስነሱ።