ሆስፒታል ተኝታችሁ የቢሮ ቀጠሮ ቢደርስባችሁ

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቀጠሮ እያላችሁ ሆስፒታል ከተኛችሁ፣ እስክትወጡ አትጠብቁ። ማመልከቻው ከቀጠሮው ቀን በፊት ይግባ። አንዴ "አልቀረበም" ተብሎ ከተጻፈ ያንን ማስነሳት ሌላ ጣጣ ነው።

ብዙዎቻችን ሕመማችንን ከሀ እስከ ፐ እንተርካለን። ፋይሉን የያዘው ሰው ግን የሚፈልገው ቁጥሩን፣ የቀጠሮውን ቀንና መቼ መቅረብ እንደምትችሉ ነው። ይቺ ትበቃለች፦

"በመዝገብ ቁጥር … ለመጋቢት 12 ተቀጥሬ ነበር። ከመጋቢት 8 ጀምሮ ሆስፒታል ተኝቼ እየታከምኩ ስለሆነ በዕለቱ መቅረብ አልችልም። ከመጋቢት 25 በኋላ ተለዋጭ ቀጠሮ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሆስፒታሉን ማስረጃ አያይዣለሁ።"

25 ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። ሐኪሙ በ18 ትወጣለህ ቢል እንኳ ጥቂት የማገገሚያ ቀን ጨምሩ፤ ሁለተኛ ማራዘሚያ መጠየቅ ፊት ያስነሳል።

ማስረጃው ላይ የገባችሁበት ቀን፣ ፊርማና ማኅተም መኖሩን እዩ። ቀን የሌለው ወረቀት በቀጠሮው ዕለት ተኝታችሁ እንደነበር አያሳይም። የበሽታውን ስም ግን ካልተጠየቃችሁ ተዉት።

ወረቀቱን ቤተሰብ ካደረሰላችሁ፣ ቅጂው ላይ "ደርሶናል" የሚል ማኅተምና ቀን አስመትቶ ይመለስ። አዲሱ ቀን እስኪነገራችሁ ድረስ የድሮው ቀጠሮ እንዳለ ቁጠሩት።