የኮፒራይት ስትራይኩ 90 ቀን ሳይሞላ እንዴት ተነሳ

የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ ጓደኛዬ የዩቲዩብ ቻናሉ ላይ የኮፒራይት ስትራይክ፣ ማለትም የሌላ ሰው ሥራ ያለፈቃድ በመጠቀም የሚሰጥ ቅጣት፣ መጣበት። ከጀርባ የገባው ዘፈን ባለቤት ቪዲዮው እንዲነሳ ጠይቆ ነበር። አሁን ተፈቷል፤ ሌላውም ሰው እንዲጠቀምበት ልጻፈው።

ስትራይኩ በ90 ቀን ያልፋል፤ ግን ስለ ኮፒራይት የሚሰጠውን አጭር ትምህርት (Copyright School) መጨረስ ያስፈልጋል። ቪዲዮውን ማጥፋት ስትራይኩን አያነሳውም። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፤ አጥፍቶ ተገላገልኩ ይላል።

ጓደኛዬ ሥራውን አላቆመም። በአንድ የኮፒራይት ስትራይክ አዲስ ቪዲዮ መጫን ይቻላል። የማኅበረሰብ መመሪያ በመጣስ የሚመጣው ስትራይክ ግን ሌላ ነው፤ የመጀመሪያው ለ1 ሳምንት መጫን ይከለክላል። ስለዚህ የመጣው የትኛው እንደሆነ YouTube Studio ውስጥ ቀድሞ ማየት ነው።

እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነበር። በ90 ቀን ውስጥ 3 የኮፒራይት ስትራይክ ከመጣ ቻናሉ ሊዘጋ ይችላል። የድሮ ሠርጎቹን አንድ በአንድ አየን፤ የዚያው ሰው ዘፈን ያለባቸውን ሌላ ጥያቄ ሳይመጣ አነሳን።

ከዚያ ጓደኛዬ ለዘፈኑ ባለቤት በትሕትና ጻፈ። የቪዲዮውን ሊንክ ላከ፣ የቀሩትንም እንዳነሳ ነገረው፣ ጥያቄውን እንዲያነሳለት ለመነው። ሰውዬው ተስማማ፤ ጥያቄውን ሲስብ ስትራይኩ አብሮ ሄደ።

ቪዲዮዬ መነሳት አልነበረበትም ብሎ ለዩቲዩብ የመቃወሚያ ማስታወቂያ ማስገባትም ይቻላል። ግን ሕጋዊ ሰነድ ነው፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሊደርስ ይችላል። ቪዲዮው በስህተት ለተነሳበት ወይም የመጠቀም መብት ላለው ሰው እንጂ እንደኛ ላለው አይሆንም።