ሁለት ተቃራኒ መልሶች እኩል ውጤት ሊያገኙበት የሚችል የሕክምና ሥነ ምግባር ጥያቄ እንዴት ይዘጋጃል?

«ለዚህ ጥያቄ አንድ ብቻ ትክክለኛ መልስ የለውም» የሚል መመሪያ በፈተና ወረቀት ላይ መጻፍ ቀላል ነው፤ አራሚው ግን የራሱን መልስ በልቡ ይዞ ለእርማት ከተቀመጠ ጥያቄው ያው የተዘጋ ጥያቄ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሕክምና ተማሪዎች ባዘጋጀሁት ፈተና ላይ፣ ተራ ለማስቀደም ገንዘብ የቀረበለት ሐኪም ምን ማድረግ እንዳለበት ጠይቄ ነበር። ከአርባ በላይ ወረቀት አረምኩ፤ ሁሉም «መቀበል የለበትም» ይላል፤ ሁሉም ትክክል ነው፤ ማን እንዳሰበና ማን የሚጠበቅበትን ብቻ እንደጻፈ ግን የምለይበት ምንም መንገድ አልነበረኝም። ጥፋቱ የተማሪዎቹ አልነበረም። ጥያቄው የሚለካው ለገንዘብ አለመሸነፍን እንጂ ማሰብን አልነበረም፤ ገንዘብ መቀበልና አለመቀበል ሁለት የሚመዘኑ ነገሮች አይደሉምና።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሁለቱም ወገን እውነተኛ ዋጋ ያለው ነገር የያዘበትን ጉዳይ መምረጥ ነው። መሐል አዲስ አበባ ውስጥ፣ በጥቁር አንበሳ አካባቢ ባሉ ሆስፒታሎች ዋርድ ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጉዳይ አለ፤ ልጅ ወይም ወንድም ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ለብቻው ይዞ «አደራ፣ እሷ እንዳትሰማ» ይለዋል። ይህን ልመና እንደ ኋላ ቀርነት ብቻ የሚያይ መምህር ጥሩ ጥያቄ አይወጣለትም። መርዶ በእኛ ዘንድ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ሰው በጠዋት፣ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ከጎኑ ሆኖ ይነገረዋል እንጂ በመንገድ ላይ ወይም ለብቻው ሆኖ እንዲሰማ አይደረግም። ልጁ የሚለምነው እንዲዋሽለት ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የአነጋገሩ ሥርዓት እንዳይፈርስበት ፈርቶ ሊሆንም ይችላል። በሌላ በኩል ሕመሙ የእናቱ ነው፤ ሕክምናም ያለ ታካሚው ፈቃድ አይሰጥም። ሁለቱ እዚህ ላይ ይጋጫሉ።

ቀጥሎ ታሪኩን መጻፍ ነው። ከአንድ ገጽ ማለፍ የለበትም፤ ግማሽ ገጽ ይበቃል። እኔ የምጠቀምበት እንዲህ ይላል፦

«የ58 ዓመት እናት ከደብረ ብርሃን መጥተው ጌጃ ሰፈር ዘመድ ቤት አርፈው ሳለ ሕመሙ ስለጠናባቸው ሆስፒታል ተኝተዋል። የባዮፕሲው ውጤት የጨጓራ ካንሰር መሆኑን አረጋግጧል፤ ወደ ጉበት ተሰራጭቷል። ኬሞቴራፒ ዕድሜያቸውን በወራት ሊያራዝምና ሕመማቸውን ሊያቀል ይችላል፤ አያድናቸውም። በሚቀጥለው ሳምንት እንዲጀመር ታስቧል። በተኙበት ቀን ስለ ሕመማቸው ሲጠየቁ ‹ልጄ ያውቃል፣ እሱን ጠይቁት› ብለው ነበር። ልጃቸው ዛሬ እርስዎን፣ ኢንተርኑን፣ ‹ዶክተር፣ አባታችን ውጤቱን ከሰማ በኋላ ምግብ አቁሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ አረፈ፤ አደራ፣ እሷ እንዳትሰማ› ይልዎታል። ታናሽ እህቱ ቅዳሜ ከሐዋሳ ትመጣለች። ሲኒየሩ ውጤቱን አይተው ‹አንተ ታውቃቸዋለህ፣ አነጋግራቸውና ነገ ራውንድ ላይ ንገረኝ› ብለዋል። ምን ያደርጋሉ? ለምን?»

ከእነዚህ ዝርዝሮች አንዳንዶቹ ለማሳመር የገቡ ቢመስሉም እያንዳንዱ ሥራ አለው። ውጤቱ የተረጋገጠ መሆኑ የተጻፈው ተማሪው «ሌላ ምርመራ ይደረግላቸው» ብሎ እንዳያመልጥ ነው። ሲኒየሩ ኃላፊነቱን ለኢንተርኑ የሰጡትም «ለበላይ አሳውቃለሁ» የሚለውን መውጫ ለመዝጋት ነው፤ ይህ በሥራ ላይ ብዙ ጊዜ ትክክል ቢሆንም ፈተና ላይ ግን ማሰብን ለሌላ ሰው ማስተላለፊያ ይሆናል። ከሁሉም በላይ ሚዛኑን የሚጠብቀው «ልጄ ያውቃል፣ እሱን ጠይቁት» የሚለው ቃል ነው። እናትየው ውሳኔውን በፈቃዳቸው ለልጃቸው መስጠታቸው ነው ወይስ ስለ ሕመሙ ታሪክ ልጁ አሳምሮ ይነግራችኋል ማለታቸው ነው? ይህን ቃል ብናወጣው ጉዳዩ ወደ መናገር ያዘነብላል፤ በቦታው «እኔ ምንም መስማት አልፈልግም» ብንል ደግሞ ወደ ዝምታ ያዘነብላል። የጥያቄ አዘጋጅ ዋና ጥበብ እንዲህ ዓይነቱን አንድ ዓረፍተ ነገር ፈልጎ ማግኘት ነው፤ እኔን ይህ አንዱ ከቀረው ጽሑፍ ሁሉ የበለጠ ጊዜ ወስዶብኛል።

የሕክምና ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ፈተናውም አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። የታካሚዋና የልጁ ቃል ግን በአማርኛ እንዳለ እንዲቀመጥ እመክራለሁ፤ «አደራ» የሚለው ቃል በሌላ ቋንቋ ተተርጉሞ ክብደቱን ይዞ አይሻገርም፤ ተማሪውም ዋርድ ውስጥ የሚሰማው ያንኑ ነውና።

ከዚህ በኋላ አንድ ነገር የሚቀይር ሁለተኛ ክፍል ይጨመራል። ተማሪው የመጀመሪያውን መልስ በ30 ደቂቃ ውስጥ ጽፎ ካስረከበ በኋላ፣ በሌላ ወረቀት ላይ ይህ ይሰጠዋል፦ «በዚያው ሌሊት ለብቻዎ ተረኛ ሆነው ሳለ እናትየው ‹ልጄ፣ አንተ አትዋሸኝም፤ ምን አገኛችሁብኝ?› ብለው ጠየቁዎት። ቀደም ሲል የጻፉት ይለወጣል? ምኑ? ለምን?» ለዚህ 15 ደቂቃ ይበቃል። ሁለቱን ክፍሎች አንድ ላይ መስጠት ግን ስህተት ነው፤ ተማሪው መጨረሻውን አይቶ መጀመሪያውን ያስተካክላል፤ ምክንያቱ በአዲስ ሁኔታ ሲፈተን ይጸና እንደሆነ ማየትም አይቻልም።

ሩብሪክ የሚባለው የእርማት መስፈርት የሚዘጋጀው ፈተናው ከመሰጠቱ በፊት ነው፤ ወረቀቶቹን አይቶ የሚጻፍ መስፈርት ለወደድነው መልስ መመቸቱ አይቀርም። እኔ ከ20 ነጥብ አራት ነገር እመዝናለሁ። ታሪኩ ውስጥ ያለውንና የሌለውን መለየት 4 ነጥብ፣ የእናትየውን፣ የልጁንና የሐኪሙን ጉዳይ በትክክል ማቅረብ 5፣ ምክንያቱን ከዚህ ጉዳይ ጋር ማያያዝና ለተቃራኒው ሐሳብ መልስ መስጠት 7፣ በተግባር ምን እንደሚያደርግ መግለጽ 4። ከእነዚህ ውስጥ «መንገር አለበት» ወይም «መንገር የለበትም» ለሚል መደምደሚያ የተመደበ ነጥብ የለም።

ትልቁን፣ ባለ 7ቱን፣ በደረጃ መጻፍ ያስፈልጋል፤ «በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ ደካማ» ማለት ለአራሚ ምንም አይነግርም። ተቃራኒውን ሐሳብ ጨርሶ ያላነሳ መልስ ከ2 አያልፍም። ያነሳ፣ ነገር ግን በቀላሉ እንዲወድቅ አድርጎ ያቀረበ፣ ለምሳሌ «ልጁ ስላልተማረ ነው» ብሎ ያለፈ፣ 3 ያገኛል። ልጁ ራሱ ቢያነበው «አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው» እስኪል ድረስ አጠንክሮ አቅርቦ ከዚያ የመለሰ 5 ይደርሳል። 6 እና 7 የሚሰጠው ያ ተቃውሞ የራሱን ዕቅድ በሆነ ነገር ለለወጠበትና በምርጫው ምን እንደሚታጣ በግልጽ ላመነ መልስ ነው።

መደምደሚያው ክፍት ነው ማለት ግን ወለል የለውም ማለት አይደለም። «የደም ማነስ መድኃኒት ነው ብለን ኬሞውን እንጀምርላቸው» ያለ ተማሪ ምንም ያህል አሳምሮ ቢጽፍ ከ20 ከ8 በላይ እንደማያገኝ መስፈርቱ ላይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት፤ አታልሎ መድኃኒት መስጠት ፈቃድን ከነጭራሹ ያጠፋልና። ወለሉ ግን ጠባብ ይሁን። ሦስትና አራት ክልከላ ከተደረደረበት የተከፈተው ጥያቄ ተመልሶ ይዘጋል።

አሁን መስፈርቱን መፈተሽ ነው፤ ብዙዎቻችን የምንዘለው ይህን ነው። አዘጋጁ ራሱ ሁለት ተቃራኒ መልሶችን፣ ሁለቱንም በሚችለው አቅም ሁሉ አጠንክሮ ይጽፋል። በእኔ የመጀመሪያው መልስ ኢንተርኑ ልጁን «እናትህ ‹እሱን ጠይቁት› ያሉት ስለ ሕመሙ ታሪክ ይመስለኛል፤ ዛሬ ማታ አብረን እንግባ፣ አንተ እጃቸውን ያዝ፣ እኔ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ ጠይቄ እጀምራለሁ» ይለዋል፤ የአባትየውን ታሪክም አይንቅም፤ እንዲያውም እናትየው ምግብ መተው አለመተዋቸውን በየቀኑ ለመከታተል በዕቅዱ ያስገባል። ሁለተኛው መልስ እህትየውና የንስሐ አባታቸው ቅዳሜ እስኪደርሱ ዝም ይላል፤ ኬሞው በሚቀጥለው ሳምንት ስለሆነ መዘግየቱ ሕክምናቸውን እንደማይጎዳ ያሰላል፤ እስከዚያው ግን እናትየው ከጠየቁ እንደማይዋሽ ለልጁ ዛሬውኑ ይነግረዋል፤ ቀናቱ ከእናትየው የተወሰዱ መሆናቸውንም ያምናል። ሁለቱም 17 ወይም 18 ሊያገኙ ይገባል። አንዱ 17 አግኝቶ ሌላው 12 ከወረደ መስፈርቱ ውስጥ የተደበቀ መልስ አለ ማለት ነው። እኔ ይህ ሲደርስብኝ ጥፋቱን «የታካሚን መብት ያስከብራል» ከሚል ሐረግ ላይ አገኘሁት፤ ሐረጉ ለመጀመሪያው መልስ ብቻ ነጥብ ይሰጥ ነበር፤ «ታካሚዋ የፈለጉትን ለማወቅ የሚያስችል እርምጃ ይገልጻል» ወደሚል ቀየርኩት።

ሦስተኛ መልስም መጻፍ ያስፈልጋል፤ ይህኛው ጥሩ መስሎ ባዶ የሆነ ነው። ራስን በራስ የመወሰን መብት፣ መጥቀም፣ አለመጉዳትና ፍትሕ የሚሉት አራት መርሆች የሕክምና ሥነ ምግባር ትምህርት ብዙውን ጊዜ የሚጀምርባቸው ናቸው፤ አራቱንም በሚገባ ተርጉሞ «ስለዚህ ለታካሚዋ መነገር አለበት» ብሎ የሚጨርስ መልስ በየፈተናው ይገኛል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ከመልሱ ላይ «የጨጓራ ካንሰር» የሚለውን አውጥታችሁ «የስኳር ሕመም» ብትተኩበት አንድም ቃል ሳይቀየር ይቆማል። መስፈርቱ ለዚህ መልስ ከ10 በላይ ከሰጠ የማያያዙ ክፍል ላልቷልና ይጥበቅ።

በእርማቱ ጊዜ የተማሪው ስም ይሸፈናል፤ ለሁሉም ወረቀት መጀመሪያ አንደኛው ክፍል፣ ከዚያ ሁለተኛው ይታረማል። የመጀመሪያዎቹን አስር ወረቀቶች ሁለት አራሚዎች ሳይነጋገሩ ያርሟቸዋል። ልዩነታቸው በአንድ ወረቀት ላይ ከ3 ነጥብ ካለፈ የሚነጋገሩት «ስንት እንስጠው» ብለው ሳይሆን የትኛው የመስፈርቱ ቃል ሁለት ትርጉም እንደሰጣቸው ለማወቅ ነው፤ ያ ቃል ተስተካክሎ አስሩም እንደገና ይታረማሉ፤ የቀሩት ወረቀቶች የሚከፈቱት ከዚያ በኋላ ነው።