በእናት በኩል የሚወርድ የሚቶኮንድሪያ በሽታን በቤተሰብ ውስጥ እንዴት መከታተል ይቻላል?

አንዲት ሴት አስቡ። ስሟን አስቴር እንበላት። 48 ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ጆሮዋ እየከበዳት ሄዷል። እናቷም ገና በሃምሳዎቹ እያሉ መስማት ተስኗቸው ነበር። ልጇ ሳሙኤል 18 ዓመቱ ነው። ከእኩዮቹ አጠር ይላል፤ ደረጃ ሲወጣ ቶሎ ይደክመዋል፤ ከባድ ራስ ምታት አልጋ ላይ ይጥለዋል። የ23 ዓመቷ ታላቅ እህቱ ሩት ግን ምንም የላትም።

ቤተሰቡን ለማስረዳት ብዬ የፈጠርኩት ነው። ታሪኩ ግን በዚህ በሽታ በተያዙ ቤተሰቦች ውስጥ የሚታየውን ይመስላል። ችግሩ የሚጀምረው ሁሉም ነገር ለየብቻ ስለሚታይ ነው። ስኳሩ ለስኳር ሐኪም ይሄዳል፣ ጆሮው ለጆሮ ሐኪም፣ ልጁ ደግሞ «ሰውነቱ ደካማ ነው» ተብሎ ይታለፋል። አንድ ላይ ሲቀመጡ ግን ሁሉም ከአንድ ፊደል መለወጥ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። በምርመራ ወረቀት ላይ እንዲህ ተጽፎ ይገኛል፦ `m.3243A>G`።

ትርጉሙ ቀላል ነው። ሚቶኮንድሪያ በሴሎቻችን ውስጥ ጉልበት የሚያመነጭ ክፍል ነው፤ የራሱም ዲኤንኤ አለው። በሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ላይ በ3243ኛው ቦታ A መሆን የነበረበት ፊደል G ሆኗል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የጃፓን ተመራማሪዎች ይህን ለውጥ ሜላስ ከሚባለው በሽታ ጋር አገናኙት። ሜላስ በለጋ ዕድሜ ስትሮክ የሚመስል ጥቃት የሚያመጣ ከባድ ሕመም ነው። በ1992 ደግሞ ይኸው ለውጥ ስኳርና የመስማት ችግር አብረው በሚወርዱበት አንድ የኔዘርላንድ ቤተሰብ ውስጥ ተገኘ። ያው አንድ ፊደል፣ አንዱ ቤት ስኳር፣ ሌላው ቤት ስትሮክ። ምክንያቱን ለማግኘት ከቤተሰብ ዛፍ እንነሳ።

1. ዛፉን ከእናት ወደ ላይ ሳሉ

እኛ ጋ አንድ ልዩ እንቅፋት አለ። ስማችን የሚከተለው አባትን ነው፤ ራስ፣ አባት፣ አያት። የአባቱን አያት ስም ሳያስብ የሚጠራ ሰው የእናቱን እናት እናት ስም ሲጠየቅ ዝም ሊል ይችላል። ለዚህ በሽታ ግን የሚፈለገው ያ የተረሳው መስመር ነው።

ስለዚህ ከታመመው ሰው ጀምሩ። እናቱን፣ የእናቱን እናት፣ የእናቱን እህቶችና ወንድሞች፣ የእናቱን እህቶች ልጆች ጻፉ። ለእያንዳንዱ ሰው ጥያቄው «ይህ በሽታ አለበት?» አይሁን፤ በዚህ መንገድ ከጠየቃችሁ መልሱ «የለም» ነው የሚሆነው። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ስኳር አለው? በስንት ዓመቱ ጀመረው? ጆሮው ደህና ነው? የልብ ችግር፣ የሚጥል በሽታ፣ ከባድ ማይግሬን አለበት? ቁመቱ ከቤተሰቡ አንሶ ቀርቷል? በተለይ ወፍራም ሳይሆን ስኳር የያዘውና ጆሮውም የከበደው ሰው ካለ ከስሙ ጎን ምልክት አድርጉ።

2. መስመሩ የት እንደሚቆም ፈትሹ

ሕጉ ይህ ነው። ተሸካሚ የሆነች እናት ለወንድ ልጇም ለሴት ልጇም ታስተላልፋለች። ወንዱ ሊታመም ይችላል፤ ለልጆቹ ግን አያወርስም። አስቴር ተስፋዬ የሚባል ወንድም አላት እንበል፤ እሱም ስኳር አለበት። የተስፋዬ ልጆች ከእሱ ምንም አይወርሱም። በዛፉ ላይ ከተስፋዬ በታች ያለውን መስመር መዝጋት ትችላላችሁ።

ለምን እናት ብቻ? የአንዲት ሴት እንቁላል ከመቶ ሺህ በላይ የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ቅጂዎች ይዛለች። የወንድ የዘር ፍሬ ግን በአንገቱ ላይ የተጠቀለሉ ጥቂት ደርዘን ሚቶኮንድሪያዎች ብቻ ነው ያሉት፤ እነሱም ጭራውን ለማንቀሳቀስ ያገለግላሉ። ሲገናኙ የአባት ሚቶኮንድሪያዎች እንቁላሉ ውስጥ መግባታቸው አይቀርም። ነገር ግን ዩቢኩቲን የሚባል ፕሮቲን «ይወገድ» የሚል ምልክት ይለጠፍባቸዋል፤ ፅንሱ ገና ጥቂት ሴሎች እያለ ተፈጭተው ይጠፋሉ። ነገሩ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ሆን ተብሎ የሚካሄድ ጽዳትም ነው። በ2002 የዴንማርክ ሐኪሞች የጡንቻው ሚቶኮንድሪያ በአብዛኛው ከአባቱ የመጣ አንድ ሰው እንዳገኙ ዘግበዋል። ይህ እጅግ ብርቅ የሆነ ነገር ስለሆነ በቤተሰብ ምክር ላይ ሕጉን አይለውጥም።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት በተደጋጋሚ ይፈጸማል። የሚቶኮንድሪያ በሽታ ሁሉ ከእናት ይመጣል ብሎ መደምደም ነው። የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ የሚሠራው 13 ፕሮቲን ብቻ ነው። ሚቶኮንድሪያው የሚፈልጋቸው ሌሎች ከሺህ በላይ ፕሮቲኖች ትእዛዛቸው ያለው በሴሉ ማዕከል በሚገኘው ኒውክለስ ውስጥ ነው፤ ያ ደግሞ ከአባትም ከእናትም ይወረሳል። ስለዚህ ሁለት ልጆች ታመው በእናታቸው ወገን ማንም ምልክት ከሌለው፣ በተለይ ወላጆቻቸው ዘመዳሞች ከሆኑ፣ ወደ ኒውክለሱ ተመልከቱ። እናትን ቶሎ ተጠያቂ ማድረግ ትክክል አይደለም። ያወረሰች እናትም ብትሆን በፍላጎቷ ያደረገችው አንድም ነገር የለም።

3. ሰርገኛውን ተረዱ

ሰርገኛ ጤፍን የማያውቅ የለም። ነጩና ቀዩ ተደባልቆ ነው። በአስቴር ሴሎች ውስጥ ያለውም እንዲሁ ነው። በአንድ ሴል ውስጥ ጤነኛና የተለወጠ ዲኤንኤ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ይህ ድብልቅነት ሄትሮፕላስሚ ይባላል፤ በመቶኛ ይገለጻል። አርባ በመቶ ማለት ከመቶው ቅጂ አርባው የተለወጠ ነው።

አሁን ከአንድ የሰርገኛ ጤፍ ጆንያ አንድ ቁና ብትሰፍሩ የሁለቱ ቀለም ምጣኔ ከጆንያው ጋር ይመሳሰላል። በሁለት ጣት ቆንጥራችሁ ብታነሱ ግን ዕድል ነው፤ አንዴ ቀዩ ይበዛል፣ አንዴ ነጩ። የሴት እንቁላሎች ሲፈጠሩ የሚሆነው ይኸው ነው። ሴሎቹ ገና ሲጀምሩ በየአንዳንዳቸው ያለው የዲኤንኤ ቁጥር በጣም ያንሳል፤ ከዚያ ያ ትንሽ ቁንጥር ተባዝቶ እንቁላሉን ይሞላል። ሳሙኤልና ሩት ከአንድ እናት ተወልደው ይህን ያህል የተለያዩት ለዚህ ነው።

መቶኛው ከፍ ሲል ግን ሕመሙ በዚያው ልክ ቀስ እያለ አይጨምርም። እንደ ደቦ ነው። ከሃያ ሰው አራቱ ቢቀሩ እርሻው ያልቃል። አስራ አምስቱ ከቀሩ ግን ሥራው ይቆማል። ለብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ለውጦች ሴሉ የሚቸገረው ከ60 እስከ 90 በመቶ ባለው መካከል ነው። ወሰኑ እንደየአካሉ ይለያያል። ብዙ ጉልበት የሚበሉት አንጎል፣ ልብ፣ ጡንቻ፣ ውስጠኛው ጆሮና ኢንሱሊን የሚያመነጩት የቆሽት ሴሎች ቀድመው ይጎዳሉ።

4. ትክክለኛውን ናሙና ጠይቁ

ደም ለመውሰድ ቀላል ነው፤ ለ`m.3243A>G` ግን ያታልላል። የደም ሴሎች ሳያቋርጡ ይተካሉ፤ በሂደቱ የተለወጠውን በብዛት የያዙት ይሸነፋሉ። ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው መቶኛ በየዓመቱ ይቀንሳል። አንጎልና ጡንቻ ላይ ግን እንዲህ አይቀንስም። በዕድሜ የገፋች እናት በደሟ 5 በመቶ ብቻ ተገኝቶ በጡንቻዋ ብዙ ሊኖርባት ይችላል። እንዲያውም የቆየው የሳንገር ምርመራ ከ15 ወይም 20 በመቶ በታች ያለውን ላያየው ስለሚችል «ነጻ ነሽ» ተብላ ልትመለስ ትችላለች።

ስለዚህ ለአዋቂ ሰው የሽንት ናሙናም ይጨመር ብላችሁ ጠይቁ። ከሽንት ጋር የሚወጡት ሴሎች ከደሙ የተሻለ መረጃ ይሰጣሉ፤ መርፌም አያስፈልግም። ጥርጣሬው ካልጠራ የጡንቻ ባዮፕሲ አለ። ላቦራቶሪው ዝቅተኛ መቶኛን የሚያይ ዘዴ መጠቀሙንም አረጋግጡ።

5. የደሙን ቁጥር በዕድሜ አስተካክሉ

ለዚህ ለውጥ ብቻ የሚሠራ ስሌት አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ያወጡት ነው።

```
level = blood / 0.977^(age + 12)
```

blood በደም የተገኘው መቶኛ፣ age ዕድሜ በዓመት፣ level ደግሞ የተስተካከለው መቶኛ ነው። በአስቴር ቤተሰብ እንሞክረው። አስቴር በ48 ዓመቷ በደሟ የተገኘው 10 በመቶ ነው። 48 ሲደመር 12 ስልሳ ነው፤ 0.977 ወደ ስልሳኛ ኃይል ሲያድግ 0.248 ገደማ ይሆናል። አስሩን በዚያ ስናካፍለው 40 በመቶ ይመጣል። ሳሙኤል በ18 ዓመቱ 35 በመቶ አለው፤ ሲስተካከል 70 ይሆናል። ሩት በ23 ዓመቷ 4 በመቶ አላት፤ ሲስተካከል 9 ብቻ ነው።

አሁን ታሪኩ ተገጣጠመ። ወረቀቱ ላይ 10 የሚል ያየ ሰው አስቴርን እንደ ጤነኛ ይቆጥራታል። የተስተካከለው 40 ግን፣ በሌላ አካሏ ከዚህም ሊበዛ ስለሚችል፣ ስኳሯና ጆሮዋ ከየት እንደመጡ ይጠቁማል። ሳሙኤል 70 ላይ ስለሆነ ልቡ፣ ስኳሩና ጆሮው አሁኑኑ መታየት አለባቸው። ድንገተኛ የማየት ችግር፣ ግራ መጋባት ወይም መንቀጥቀጥ ከመጣበት ወዲያው ሆስፒታል መሄድ አለበት።

ቁጥሩ ግን ሁሉንም አይናገርም። እኩል መቶኛ ያላቸው ሁለት ሰዎች የተለያየ ሕይወት ይኖራሉ፤ በኒውክለስ ያሉት ሌሎች ጂኖችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። 70 ማለት ስትሮክ ይመጣል ማለት አይደለም። ስሌቱም ለሌላ የሚቶኮንድሪያ ለውጥ አይሠራም።

6. ውጤቱን ይዛችሁ ሁለት ነገር ተነጋገሩ

አንደኛው መድኃኒት ነው። ሜትፎርሚን በብዛት የሚታዘዝ የስኳር መድኃኒት ነው። በዚህ ዓይነቱ ስኳር ግን በሰውነት ላክቲክ አሲድ ሊያከማች ይችላል ተብሎ ስለሚሰጋ ብዙ ስፔሻሊስቶች ሌላ ይመርጣሉ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮየትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አስቴር መድኃኒቷን በራሷ ማቆም የለባትም፤ ወረቀቱን ለስኳር ሐኪሟ ማሳየት ግን አለባት።

ሁለተኛው የሩት ጉዳይ ነው። 9 በመቶ ይዛ ጤነኛ ናት፤ ምናልባትም ጤነኛ ሆና ትኖራለች። ልጅ ስትወልድ ግን እሷም ከጆንያዋ ትቆነጥራለች። በአብዛኛው ዝቅተኛ ያላት እናት ዝቅተኛ ያለው ልጅ ትወልዳለች፤ ማረጋገጫ ግን የለም። አገልግሎቱ ባለበት አገር በቤተ ሙከራ የተፈጠሩ ፅንሶችን መርምሮ ዝቅተኛውን መምረጥ ይቻላል። ብሪታንያ ደግሞ በ2015 የሌላ ሴት ጤነኛ ሚቶኮንድሪያ የሚጠቀም ዘዴ በሕግ ፈቅዳለች። በ2025 በኒውካስል በዚህ መንገድ ስምንት ሕፃናት መወለዳቸው ተዘግቧል። ሩት ይህን ሁሉ ከማርገዟ በፊት ከዘረመል አማካሪ ጋር ብትነጋገርበት ብዙ ምርጫ ይኖራታል። ካረገዘች በኋላ ምርጫዎቹ ይጠባሉ።

የአጎቷ የተስፋዬ ልጆች ግን ለዚህ ለውጥ መመርመር አያስፈልጋቸውም።