የማንደሪን አራት ቃናዎችን በጥንድ ቃላት ሲለማመዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማንደሪን ቻይንኛ የሚማር ሰው ገና ሲጀምር የሚነገረው ነገር «ማ» የሚለው ድምፅ በአራት ቃና ሲባል አራት የተለያዩ ቃላት እንደሚሆን ነው። እነዚህን ቃናዎች ለመግለጽ እስከ ዛሬ የሚሠራበት መለኪያ የቋንቋ ሊቁ ዩወን ሬን ቻው በ1930 ያቀረበው ሲሆን፣ የተናጋሪውን ድምፅ ከዝቅተኛው እርከን አንድ እስከ ከፍተኛው እርከን አምስት ይከፍለዋል። በዚህ መለኪያ መሠረት አንደኛው ቃና ከላይ በአምስት ላይ ሳይነቃነቅ ይቆያል፤ ሁለተኛው ከሦስት ወደ አምስት ይወጣል፤ ሦስተኛው ከሁለት ወደ አንድ ወርዶ ወደ አራት ይመለሳል፤ አራተኛው ደግሞ ከአምስት ወደ አንድ በፍጥነት ይወርዳል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከቻይንኛው ድምፅ ቀጥሎ የተጻፈው አኃዝ የቃናውን ተራ ቁጥር ያመለክታል። የግዕዝ ፊደል የቻይንኛን ድምፆች በከፊል ብቻ ስለሚወክል፣ አንባቢው የቃላቱን ትክክለኛ አነባበብ ከድምፅ ቅጂ ቢያዳምጥ ይሻላል።

ቃናዎቹን በተራ ቁጥራቸው እየደረደሩ ማንበብ

«ማ1፣ ማ2፣ ማ3፣ ማ4» እያሉ በቅደም ተከተል መደጋገም በብዛት የሚታይ ልምምድ ነው። ችግሩ ተማሪው የሚይዘው ዜማውን እንጂ ቃናዎቹን አለመሆኑ ነው። እያንዳንዱን ቃና የሚያገኘው ከፊቱ ካለው ተነሥቶ ስለሆነ፣ ማ3ን ብቻውን እንዲል ሲጠየቅ በልቡ ከማ1 ጀምሮ መቁጠር ይገደዳል። ከዚህም በላይ በማንደሪን ውስጥ እጅግ ብዙ ቃላት ባለ ሁለት ቀለም፣ ማለትም ባለ ሁለት ክፍለ ቃል ናቸው፤ ቃና ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር ሲሆን ለብቻው እንደነበረው አይቀርም። ስለዚህ የልምምዱ መነሻ ሊሆን የሚገባው አንዱ ቀለም ሳይሆን ጥንዱ ነው።

አራት ቃናዎች ሁለት ሁለት ሆነው ሲጣመሩ 16 ዓይነት ጥምረት ይሰጣሉ። እነዚህን ሁሉ በዘፈቀደ ከተሰበሰቡ ቃላት መለማመድ ይቻላል፤ ነገር ግን የሚሻለው ሁለተኛውን ቀለም ሳይለውጡ የመጀመሪያውን ብቻ መቀያየር ነው። «ቲየን1» ማለትም ቀን የሚለውን እንውሰድ፦ ጂን1 ቲየን1 ዛሬ፣ ሚንግ2 ቲየን1 ነገ፣ ሜይ3 ቲየን1 በየቀኑ፣ ሆው4 ቲየን1 ከነገ ወዲያ ነው። «ጉዎ2» ማለትም አገር የሚለውም እንደዚሁ ነው፦ ጆንግ1 ጉዎ2 ቻይና፣ ደ2 ጉዎ2 ጀርመን፣ ሜይ3 ጉዎ2 አሜሪካ፣ ዋይ4 ጉዎ2 የውጭ አገር። ውሃ የሚለው «ሽዌይ3» ሦስተኛውን መስመር ይሞላልናል፦ ካይ1 ሽዌይ3 የፈላ ውሃ፣ ልያንግ2 ሽዌይ3 ቀዝቀዝ ያለ ውሃ፣ ለንግ3 ሽዌይ3 ቀዝቃዛ ውሃ፣ ረ4 ሽዌይ3 ሙቅ ውሃ። በመጨረሻም ምግብን በሚያመለክተው «ፋን4» ች1 ፋን4 መብላት፣ ኸ2 ፋን4 በዕቃ የታሸገ ምግብ፣ ዛው3 ፋን4 ቁርስ፣ ዝዎ4 ፋን4 ምግብ ማብሰል ይሆናል። ከአራት ተራ ቃላት 16ቱም ጥምረቶች ተገኙ ማለት ነው። ሁሉም በየዕለቱ የሚነገሩ በመሆናቸው ልምምዱ በከንቱ አይቀርም።

ሦስተኛውን ቃና ሁልጊዜ አውርዶ መልሶ ማውጣት

ከሁሉም ስህተቶች ጎጂው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሚመነጨውም ከመማሪያ መጻሕፍቱ ሥዕል ነው። ሥዕሉ እንደ ሸለቆ ወርዶ የሚወጣ መስመር ያሳያል፤ ተማሪውም ሦስተኛ ቃና ባገኘ ቁጥር ያን ሸለቆ በታማኝነት ይሠራዋል። በእውነተኛው ንግግር ግን መልሶ መውጣቱ የሚሰማው ቃሉ ለብቻው ሲባል ወይም ከዕረፍት በፊት ሲመጣ ነው፤ በዚያም ቦታ ቢሆን ብዙ ጊዜ ይቀራል። ከሦስተኛው ቃና ቀጥሎ አንደኛ፣ ሁለተኛ ወይም አራተኛ ቃና ሲመጣ፣ ሦስተኛው ከሁለት ወደ አንድ ወርዶ እዚያው ታች ይቆማል። ስለዚህ ሦስተኛውን ቃና «ዝቅተኛው ቃና» ብሎ መያዝ «ወርዶ የሚወጣው ቃና» ከማለት የበለጠ ይጠቅማል።

ሜይ3 ቲየን1ን ቀስ ብለን እንየው። ተማሪው «ሜይ»ን ካወረደ በኋላ መልሶ ካወጣው ሁለት ጉዳት ይደርሳል። አንደኛ፣ ሰሚው የመጨረሻውን መውጣት ሰምቶ ቃናውን ሁለተኛ ነው ብሎ ሊወስደው ይችላል። ሁለተኛ፣ «ቲየን» ከፍ ብሎ ለመጀመር የሚያስፈልገው ልዩነት ይጠፋል፤ ምክንያቱም ድምፁ አስቀድሞ ወጥቷል። ትክክለኛው አነጋገር ግን «ሜይ»ን የድምፅዎ ወለል ላይ አስቀምጦ፣ መወጣጫ ሳያበጁ፣ «ቲየን»ን በአንድ ጊዜ ከላይ መጀመር ነው። ያን ወለል ለማግኘት አማርኛ ተናጋሪ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። «መጣሁ» ብለን ዐረፍተ ነገር ስንዘጋ ድምፃችን የሚያርፍበት ዝቅተኛ ቦታ በጣም የቀረበ ነው። እዚያ ሲደርሱ ድምፅዎ ሻከር ቢል ወይም ቢቆራረጥ አይደንግጡ፤ የቤይጂንግ ተናጋሪዎችም ድምፅ በዚህ ቃና ላይ ይሻክራል።

ስህተቱን ለመለየት የራስን ድምፅ መቅዳት በቂ ነው። ሜይ3 ቲየን1ን ይቅዱ፤ ከዚያም የመጀመሪያውን ቀለም ብቻ ቆርጠው ያዳምጡ። በመጨረሻው ላይ ጥያቄ የሚጠይቅ ከመሰለ፣ ሸለቆው አልጠፋም ማለት ነው። የድምፅ ከፍታን በመስመር የሚያሳየውን Praat የተባለ ነጻ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ከሆነም ታች ያለ አጭር መስመርና ከላይ ያለ ረጅም መስመር ሊያዩ ይገባል። ድምፁ ሲሻክር ግን ፕሮግራሙ መስመሩን ሊያጣው ስለሚችል፣ በ«ሜይ» ላይ ባዶ ቦታ መታየቱ ብቻውን የስህተት ምልክት አይደለም።

በሌለበት ቦታ ልዩነት መፈለግ

ሁለት ሦስተኛ ቃናዎች ሲከታተሉ የመጀመሪያው ወደ ሁለተኛ ቃና ይለወጣል። ስለዚህ ለንግ3 ሽዌይ3 (ቀዝቃዛ ውሃ) በቃና ረገድ ከልያንግ2 ሽዌይ3 (ቀዝቀዝ ያለ ውሃ) ጋር አንድ ዓይነት ዜማ ይኖረዋል። አንዳንድ ትጉ ተማሪዎች ጽሑፉ 3 ስለሚል የመጀመሪያውን በትንሹም ቢሆን ዝቅ ለማድረግ ይታገላሉ። ቻይንኛን በላቲን ፊደል በሚጽፈው በፒንዪን አጻጻፍ ውስጥ ግን ምልክቱ ሳይቀየር ይቀመጣል፤ ለውጡን የሚያደርገው አንባቢው ነው። የአማርኛ ጽሑፍ መጥበቅና መላላትን ሳያሳይ ለአንባቢው እንደሚተው ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ለዚህ የሚጠቀሰው የተለመደ ምሳሌ ማይ3 ማ3 (ፈረስ መግዛት) እና ማይ2 ማ3 (ፈረስ መቅበር) ሲሆን፣ ቻይናውያን ራሳቸው ያለ ዐውድ ሁለቱን በጆሮ መለየት ይቸግራቸዋል። ስለዚህ ባለ 3-3 ቃላትን ከባለ 2-3 ቃላት ጋር በአንድ ረድፍ አስቀምጠው በአንድ ዜማ ይለማመዷቸው፤ ከ16ቱ ጥምረቶች በጆሮ የሚለዩት 15 ብቻ ናቸው።

የዐረፍተ ነገሩን ዜማ በቃናው ላይ መጫን

አማርኛ ቃና ያለው ቋንቋ አይደለም (ከአገራችን ቋንቋዎች መካከል በደቡብ ምዕራብ የሚነገረው ቤንች አምስት የቃና እርከኖች ስላሉት የቤንች ተናጋሪ በዚህ ረገድ ከአማርኛ ተናጋሪው ቀድሞ ይጀምራል)። በአማርኛ የድምፅ ከፍታን የምንጠቀምበት ስሜትንና ጥያቄን ለመግለጽ ነው። «በላህ?» ስንል መጨረሻውን እናነሣለን። ይህ ልማድ ወደ ቻይንኛው ሲሻገር፣ ች1 ፋን4 የሚለውን በጥያቄ የሚያነሣ ተማሪ «ፋን»ን ወደ ሁለተኛ ቃና ይለውጠዋል። በማንደሪን የጥያቄው ዜማ ሲጨመር የንግግሩ ጠቅላላ ከፍታ ይነሣል እንጂ አራተኛው ቃና መውረዱን አይተውም። በዝርዝር ስናነብም ተመሳሳይ ነገር ይከሰታል፦ ቃላትን ከወረቀት ላይ ስንቆጥር እያንዳንዱን አንሥተን የመጨረሻውን ስለምናወርድ፣ ቃናው የተዘረዘረበት ቦታ ውጤት ይሆናል። መድኃኒቱ ቃላቱን በየጊዜው ቅደም ተከተላቸውን እየቀያየሩ ማንበብ ነው።

በዚህ ዓይነት ልማድ በእጅጉ የሚጎዳው ሆው4 ቲየን1 ያለበት 4-1 ጥምረት ነው። «ሆው» ወደ ታች ከወረደ በኋላ ድምፅ እዚያው መቅረት ይፈልጋል፤ «ቲየን»ም ዝቅ ብሎ ይጀምርና ሦስተኛ ቃና ይመስላል። «ቲየን» በጂን1 ቲየን1 ውስጥ ወደነበረበት ከፍታ መመለስ አለበት። ሁለቱን ቃላት ተራ በተራ ብለው የ«ቲየን»ን ከፍታ ብቻ ያነጻጽሩ። 4-4 ሲሆን ግን የተለየ ነው፤ በዝዎ4 ፋን4 ውስጥ የመጀመሪያው እስከ ወለሉ ድረስ አይወርድም፤ መንገድ ላይ ቆሞ ሙሉውን መውረድ ለሁለተኛው ይተዋል።

ዐውድ የሚፈታቸውን ጥንዶች መምረጥ

በቃና ብቻ የሚለያዩ ጥንዶች ሲመረጡ አስቂኞቹ ይወደዳሉ፤ ወን4 (መጠየቅ) እና ወን3 (መሳም) ለዚህ ዝነኞች ናቸው። ሆኖም በእውነተኛ ንግግር ውስጥ «ላስቸግርዎ» ብሎ አቅጣጫ የሚጠይቅ ሰው ስለ መሳም ያወራል ብሎ የሚጠረጥር የለም። ጊዜ የሚገባቸው ጥንዶች ዐውድ የማያድናቸው ናቸው። ማይ3 መግዛት፣ ማይ4 መሸጥ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ገበያ፣ ስለ አንድ ዕቃ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይነገራሉ። ሻን1 ሺ1 እና ሻን3 ሺ1 ደግሞ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት የቻይና ክፍለ ሀገሮች ናቸው። ያለ ቃና ምልክት በላቲን ፊደል ሲጻፉ ስለሚመሳሰሉ ለሁለተኛው አንድ ተጨማሪ «a» ፊደል ገብቶለታል፤ በንግግር ግን የሚለያቸው የመጀመሪያው ቀለም ከላይ ወይም ከታች መጀመሩ ብቻ ነው። ላው3 ሽ1 (መምህር) እና ላው3 ሽ4 (የድሮ ፋሽን) የሁለተኛውን ቀለም ልዩነት ለመለማመድ ይረዳሉ።

በአንድ ሰው ድምፅ ብቻ መለማመድ

ቃና የሚለካው ከተናጋሪው የራሱ ድምፅ አንጻር ነው፤ የአንድ ወንድ አንደኛ ቃና ከአንዲት ሴት ሦስተኛ ቃና በታች ሊሆን ይችላል። አንድ ቅጂ ብቻ የሚያዳምጥ ተማሪ ጥንዶቹን የሚለየው በዚያ ሰው ድምፅ ስለሆነ፣ ሌላ ሰው ሲናገር ይጠፋበታል። በ1999 የታተመ ጥናት አሜሪካውያን ተማሪዎችን በብዙ ተናጋሪዎች ቅጂ አሠልጥኖ፣ መሻሻላቸው ሰምተዋቸው ለማያውቋቸው ድምፆችም እንደተላለፈ አሳይቷል። ስለዚህ 16ቱን ቃላት ቢያንስ ከሁለት ወንዶችና ከሁለት ሴቶች ይሰብስቡ፤ ያቀላቅሏቸው፤ ከመናገርዎ በፊትም የሰሙትን የቃና ጥምረት በአኃዝ ይጻፉ። 2-3 እና 3-3ን አንዱን በሌላው ቦታ ቢጽፉ ስህተት አይቆጠርም። 2-1ን ከ3-1 ጋር ደጋግመው የሚያምታቱ ከሆነ ግን ሚንግ2 ቲየን1 እና ሜይ3 ቲየን1ን ብቻ ለይተው ይያዙ፤ እነዚህን ያለ ጥርጥር እስኪለዩ ድረስ ሌሎቹን ጥንዶች ያቆዩ።