አንዲት ብጉር ስታጠፉ ቦታዋን እንዳታደበዝዙት

ሰሞኑን የአንዲት ሙሽራ ፎቶ እንዳስተካክል ተሰጠኝ። ሜካፑ ያምራል፣ መብራቱም ጥሩ ነው። ግን ከታችኛው ከንፈሯ ዝቅ ብሎ አንዲት ብጉር ከፓውደሩ በላይ ብቅ ብላለች። ከኔ በፊት ፎቶውን የነካው ልጅ አጥፍቷታል። በቦታዋ የተወው ግን በጣት የታሸ የሚመስል፣ ድብዝዝ ያለ ነገር ነው። ብጉሯ ብትቀር ይሻል ነበር። ዋናውን ፋይል አስልኬ እንደገና ጀመርኩ።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ገና የብሩሹን መጠን ስንመርጥ ነው። ፎቶሾፕ ላይ ያለው Spot Healing Brush ብጉሯን ልጦ አያነሳም። የቆዳውን ሸካራነት ከአካባቢው ይወስድና ቀለሙንና ብርሃኑን ከነካችሁት ክብ ጠርዝ ጋር ያዋህደዋል። ጠርዙ ላይ ያለው ቀለም ወደ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ክቡ የብጉሯን ጫፍ ብቻ ከሸፈነ ጠርዙ የሚያርፈው ያበጠው ቆዳ ላይ ነው። ያኔ እብጠቷ ትጠፋለች፣ ጥላዋ ግን ይቀራል። ቀላ ያለ ቆዳ ላይ ይህ ሮዝ ሆኖ ይታያል። ጠየም ያለ ቆዳ ላይ ግን በብጉሯ ዙሪያ ያለው ቀለበት ጠቆር ያለ ቡናማ ስለሆነ በቀላሉ ያመልጣል። 100% ዙም አድርጋችሁ ፈልጉት። የሙሽራዋ ብጉር ጫፏ 22 ፒክስል ገደማ ነበር፣ ከነቀለበቷ ግን 34። እኔ 40 ወሰድኩ። ከዚያ በላይ መሄድ ደግሞ ጤነኛውን ቆዳ ያለ ጥፋቱ መቀየር ነው።

ሁለተኛው ስህተት ብሩሹን ማለስለስ ነው። ሌላ ብሩሽ ላይ ስለለመድነው Hardness ዜሮ አድርገን «እንዲዋሃድ» እንላለን። ማዋሃዱን ግን መሣሪያው ራሱ ይሠራዋል። ለስላሳ ጠርዝ ስትጨምሩበት አዲሱና አሮጌው ቆዳ ግማሽ ግማሹን ይደራረባሉ። የቆዳው ቀዳዳዎችም እርስ በርስ ይጣፋሉ። በክቡ ዙሪያ የምታዩት ጭጋግ እሱ ነው። እኔ Hardness ከ90 በታች አላወርድም።

ከዚህ ሁሉ የሚያናድደኝ ግን መፈግፈግ ነው። ሰው አንዴ ጠቅ ያደርጋል፣ ውጤቱ አይጥመውም፣ እዚያው ላይ ይደግማል፣ ይደጋግማል። በእያንዳንዱ ጠቅታ የተጠገነው ላይ ሌላ ጥገና ይለጠፋል። አራት አምስቴ ከሆነ በኋላ ቆዳ የሚባል ነገር አይተርፍም። መጀመሪያው ካልሠራ Ctrl+Z ብላችሁ ወደ Healing Brush ተሻገሩ። እሱ ላይ ምንጩን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፦ Alt ተጭናችሁ ንጹሕ ቆዳ ላይ ጠቅ ማድረግ ነው። ለአገጭ ከአገጭ ውሰዱ። የአፍንጫ ቆዳ ቀዳዳዎች ሰፋፊ ናቸው፣ ጉንጭ ደግሞ ልስልስ ይላል። ቀለሙ ቢዋሃድም ሸካራነቱ ያሳብቃል።

ያ ልጅ የተሸነፈው ግን ከንፈሩ ጋ ይመስለኛል። ብሩሹ ከንፈሯን ነክቶ ሊፕስቲኩ ወደ አገጯ ፈሷል። ከንፈር፣ ቅንድብ፣ የፀጉር መነሻ አጠገብ ስትሠሩ መጀመሪያ በ Lasso ቦታውን ክበቡ። ክበቡ ከብጉሯ ሰፋ ይበል፣ በከንፈሩ በኩል ግን ልክ ቆዳው የሚያልቅበት ላይ ይቁም። ያን ጊዜ የውጭው ቀለም ወደ ውስጥ አይገባም። የሙሽራዋን ብጉር እንደዚህ ከብቤ፣ ምንጩን ከአገጯ ወስጄ፣ በአንድ ጠቅታ አለቀ።

ዋናው ምስል ላይ በቀጥታ አትሥሩ። Ctrl+Shift+N ብላችሁ ባዶ ሌየር ክፈቱ፣ ከላይ ባለው መስመር Healing Brush ላይ Sample የሚለውን Current & Below አድርጉት፣ Spot Healing Brush ላይ ደግሞ Sample All Layers የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። ይህን ሳትቀይሩ ብትነኩ ምንም አይሆንም፣ ባዶ ሌየር ላይ የሚቀዳ ቆዳ የለማ! ደግሞም በቴሌግራም የሚላክላችሁ ፎቶ በፋይል መልክ ይምጣ። እንደ ተራ ፎቶ የመጣው ተጨምቆ ቀዳዳዎቹ ቀድሞ ስለሚጠፉ መሣሪያው የሚቀዳው ሸካራነት አያገኝም።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ከብጉሯ ጎን ትንሽ ጥቁር ነጥብ ነበረች። እጄ ሊሄድ ሲል ቆም አልኩና ደወልኩላት። «እሷንማ እንዳትነካት» አለችኝ፣ «ማርያም የሳመችኝ ናት።»